ሁለት መድኃኒቶች፣ አንድ የማካፈል ስሌት፦ አርቴሱኔትና ኩዊኒን በወጪ-ውጤታማነት ትንተና

ከባድ ወባ ይዞት ሆስፒታል የገባ ሕፃን በመርፌ ከሚሰጡ ሁለት መድኃኒቶች አንዱን ማግኘት ይችላል፤ ለረጅም ዘመን ያገለገለውን ኩዊኒን ወይም አርቴሱኔትን። የትኛው ይበልጣል የሚለውን ለመለየት አኳማት የተባለው ሙከራ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 5,425 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ተከታትሏል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ፤ ኩዊኒን ከወሰዱት 10.9 በመቶ፣ አርቴሱኔት ከወሰዱት 8.5 በመቶ ሞተዋል። የሕክምናው ጥያቄ በዚህ ተመለሰ። የሆስፒታሉን መድኃኒት በተወሰነ በጀት የሚገዛው ፋርማሲስት ግን ሌላ ጥያቄ ይቀረዋል፤ በተጨማሪው ገንዘብ የሚገኘው ተጨማሪ ጥቅም ምን ያህል ነው?

አንዲት የመመረቂያ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ይህን ጥያቄ ወስዳ ትሠራለች እንበል። የሞት ቁጥሩን ከሙከራው ትወስዳለች። ወጪውን ለማሳያ ያህል ክብ በሆኑ ቁጥሮች እናስቀምጠው፤ አንድን ሕፃን በኩዊኒን ማከም አልጋውንና የባለሙያውን ጊዜ ጨምሮ 60 ዶላር፣ በአርቴሱኔት ደግሞ 63 ዶላር ይፈጅ። ለአንድ ሺህ ሕፃናት ሲሰላ ኩዊኒን 60,000 ዶላር ወጥቶበት 891 ሕፃናት ይተርፋሉ፤ አርቴሱኔት 63,000 ዶላር ወጥቶበት 915 ይተርፋሉ።

ጀማሪ የሚወድቅበት ወጥመድ ከዚህ ይጀምራል። ተማሪዋ የእያንዳንዱን መድኃኒት ወጪ ለራሱ ውጤት ታካፍላለች። በኩዊኒን አንድ የተረፈ ሕፃን 67.3 ዶላር፣ በአርቴሱኔት 68.9 ዶላር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ኩዊኒን «ለአንድ ነፍስ ርካሽ» ነው ብላ ትደመድማለች። የሒሳቡ አሠራር አልተሳሳተም፤ ድምዳሜው ግን ሃያ አራት ሕፃናትን ይቀብራል። እንዲህ ያለው አማካይ ምጣኔ ሳይናገር የሚያነጻጽረው ምንም ወጪ ከሌለበት፣ ሕፃናቱም በሙሉ ከሚሞቱበት ሁኔታ ጋር ነው። እንዲህ ያለ አማራጭ ደግሞ በሆስፒታሉ ጠረጴዛ ላይ የለም። ኩዊኒን መደርደሪያው ላይ ስላለ 891ዱ ሕፃናት በሁለቱም መንገድ ይተርፋሉ፤ አርቴሱኔትን መግዛት የሚለውጠው ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ነው።

የሚያስፈልገው የጭማሪ ምጣኔ ነው፤ የወጪ ልዩነትን ለውጤት ልዩነት ማካፈል።

(የአዲሱ ወጪ − የነባሩ ወጪ) ÷ (የአዲሱ ውጤት − የነባሩ ውጤት)

በተማሪዋ ቁጥሮች ላይኛው 3,000 ዶላር፣ ታችኛው 24 ሕይወት ነው፤ መልሱ 125 ዶላር። ኩዊኒንን ትቶ አርቴሱኔትን የሚመርጥ ሆስፒታል እያንዳንዱን ተጨማሪ ሕይወት በ125 ዶላር ያድናል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የአኳማት የኢኮኖሚ ጥናትም ከዚህ ብዙ ያልራቀ ውጤት አግኝቷል፤ ለአንድ የተወገደ ሞት 123 ዶላር፣ ለአንድ ዓመት ጤናማ ዕድሜ ደግሞ 3.8 ዶላር። ሁለተኛው ቁጥር ሞትን ብቻ ሳይሆን በሞትና በአካል ጉዳት የሚታጣውን ዕድሜ ስለሚለካ፣ የወባውን መድኃኒት ከክትባት ወይም ከደም ግፊት ሕክምና ጋር ለማነጻጸር ይረዳል።

የላይኛው ቁጥር ከየት እንደመጣ መመርመር ግን ከማካፈሉ ይልቅ አድካሚ ነው። ተማሪዋ የመድኃኒት ዋጋ ብቻ ብትወስድ፣ አርቴሱኔት 9፣ ኩዊኒን 2 ዶላር ቢሆን፣ ልዩነቱ 7 ዶላር ሆኖ ምጣኔው ወደ 292 ይወጣል። ኩዊኒን ግን ብቻውን አይመጣም። በጉሉኮስ ተበጥብጦ በሰዓታት ውስጥ ቀስ ብሎ ይንጠባጠባል፤ በየስምንት ሰዓቱ ይደገማል፤ የደም ስኳርን ስለሚያወርድም ሕፃኑ ደጋግሞ መመርመር አለበት። አርቴሱኔት በአጭር ጊዜ ይወጋል፤ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በቀን አንዴ። የጉሉኮሱ፣ የቱቦውና የምርመራው ወጪ፣ የነርሷም ጊዜ ሲቆጠር ከ7ቱ ዶላር 4ቱ ይመለሳል፤ የቀደመው 3 ዶላር ይህ ነው። ወጪው የማን እንደሆነ ሳይገለጽ ምጣኔ ማቅረብ አይቻልም የሚባለውም ለዚህ ነው። ቱቦውንና ጉሉኮሱን የሚገዛው የታካሚው አባት ከሆነ፣ ቁጠባው በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ አይታይም።

የብልቃጡም ነገር አለ። ክብደቱ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን መጠኑ በኪሎ 3 ሚሊግራም ስለሆነ፣ 12 ኪሎ የሚመዝን 36 ሚሊግራም ይወስዳል። ብልቃጡ 60 ሚሊግራም ይይዛል፤ አንዴ ከተበጠበጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተወጋ ይደፋል። ሦስቱን የመጀመሪያ መርፌዎች በሚሊግራም ያሰላ ሰው 1.8 ብልቃጥ ያገኛል፤ መጋዘኑ ግን ሦስት ያወጣል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ከኢኮኖሚስቱ ይልቅ የፋርማሲ ተማሪ ታየዋለች፤ ሙያው የእሷ ነውና።

የታችኛው ቁጥር ችግር ሌላ ነው። አኳማት ያገኘው የሞት ቅነሳ 22.5 በመቶ ሲሆን፣ የመተማመኛ ክልሉ ከ8.1 እስከ 36.9 በመቶ ይዘረጋል። የወጪውን ልዩነት 3,000 ላይ አቁመን ዝቅተኛውን ብንወስድ ከሺህ የሚተርፉት ዘጠኝ ገደማ ሆነው ምጣኔው ወደ 340 ዶላር ያሻቅባል፤ ከፍተኛውን ብንወስድ ወደ 75 ይወርዳል። ስለዚህ 125 የሚለውን ብቻ ጽፎ ማስረከብ ሙሉ መልስ አይሆንም፤ ክልሉም አብሮ መጻፍ አለበት። የውጤቱ ልዩነት ወደ ዜሮ ሲጠጋ ደግሞ ምጣኔው እየፈነዳ ትርጉሙን ያጣል። ምጣኔው ከዜሮ በታች ሲወርድ የባሰ ያሳስታል፤ ርካሽም የተሻለም የሆነ መድኃኒት፣ ውድም የባሰም የሆነ መድኃኒት፣ ሁለቱም አሉታዊ ምጣኔ ይሰጣሉ። በዚህ ጊዜ ማካፈሉን ትቶ የትኛው እንደሚበልጥ በቃል መናገር ይሻላል።

ሥራው ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሆስፒታል ከሆነ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፤ አኳማት ከተካሄደባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ የለችም። በሆስፒታሉ በኩዊኒን የሚታከሙ ሕፃናት ሞት 10.9 ሳይሆን 5 በመቶ ቢሆን፣ የ22.5 በመቶው ቅነሳ ከሺህ 11 ሕይወት ብቻ ያተርፋል፤ ምጣኔውም ወደ 273 ዶላር ይወጣል። መድኃኒቱ ያው፣ ዋጋውም ያው ሆኖ መልሱ ከእጥፍ በላይ ተለወጠ። በሌላ በኩል የወባ ሥርጭት ወቅታዊ በሆነባቸው ቦታዎች አዋቂዎችም በብዛት በጽኑ ይታመማሉ። በእስያ የተካሄደውና በአብዛኛው አዋቂዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ሙከራ ሞት ከ22 ወደ 15 በመቶ እንደወረደ አሳይቷል፤ ከሺህ 70 ሕይወት መሆኑ ነው። ይህን አይታ ተማሪዋ 3,000ን ለ70 አካፍላ 43 ዶላር ብትጽፍ ግን ትሳሳታለች። 50 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በኪሎ 2.4 ሚሊግራም ሲወስድ ለአንድ መርፌ ሁለት ብልቃጥ ይፈልጋል፤ የታችኛውን ቁጥር የቀየረ ሰው የላይኛውንም እንደገና መቁጠር አለበት።