ለልጆች ጭማቂ ወይስ ሙሉ ፍራፍሬ? የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ

ሙሉ ፍራፍሬ፣ ጭማቂ እና በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የፍራፍሬ ሽሮፕ (ስኳሽ) መነሻቸው አንድ ቢመስልም ለልጅ የሚሰጡት ጥቅም እኩል አይደለም።

አንድ መካከለኛ ብርቱካን 12 ግራም ያህል ስኳርና 3 ግራም ያህል ፋይበር አለው። ልጁ እያኘከ ስለሚበላውና ፋይበሩ ስለሚያጠግበው አንድ በልቶ ያቆማል። 250 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ለማግኘት ግን ከ2 እስከ 3 ብርቱካን ይጨመቃል። ስኳሩ ወደ ብርጭቆው ሲገባ አብዛኛው ፋይበር ከገለባው ጋር ይቀራል። ልጁም 5 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በአፍታ ይጠጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በጭማቂና በኮንሰንትሬት ውስጥ ያለውን ስኳር ሊገደብ ከሚገባው ስኳር የሚመድበው፣ በሙሉ ፍራፍሬ ውስጥ ያለውን ግን የማይመድበው በዚህ ልዩነት ነው።

የታሸገ መጠጥ ሲገዛ ከፊት ካለው የፍራፍሬ ሥዕል ይልቅ ከኋላ ያለው የይዘት ዝርዝር ይነበብ። ይዘቶቹ የሚጻፉት ከብዙ ወደ ጥቂት ነው፤ ውኃና ስኳር ከፍራፍሬው ስም ከቀደሙ መጠጡ በአብዛኛው የስኳር ውኃ ነው። ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ የበቆሎ ሽሮፕና ማር የሚሉትም የስኳር ስሞች ናቸው። «ኔክታር» የሚለው ቃል ደግሞ ንጹሕ ጭማቂ ማለት አይደለም፤ በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት የማንጎ ኔክታር ዝቅተኛው የፍራፍሬ መጠን 25 በመቶ ነው።

«ኮንሰንትሬት» ውኃው የተቀነሰለት ጭማቂ ነው። የተቀነሰው ውኃ ብቻ ተመልሶለት ከሆነ ስኳሩ ከተራው ጭማቂ ጋር ይቀራረባል። በሌላ መጠጥ ውስጥ ማጣፈጫ ሆኖ ሲገባ ግን የተጨመረ ስኳር ነው። «ስኳር አልተጨመረበትም» የሚለው ጽሑፍም ስኳር የለበትም ማለት አይደለም።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ 4 ግራም ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 12 ግራም ስኳር የተጻፈበት የ250 ሚሊ ሊትር መጠጥ 30 ግራም፣ ማለትም ሰባት ማንኪያ ተኩል ስኳር ይይዛል። በስኳሽ ጊዜ ቁጥሩ ከመበጥበጡ በፊት ወይስ በኋላ ላለው እንደሆነ ይታይ። በ100 ሚሊ ሊትር 50 ግራም ካለው ሽሮፕ 40 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢቀዳ እንኳ 20 ግራም ስኳር ወደ ብርጭቆው ይገባል፤ ልጅ እንዲጣፍጠው በወፈረ ቁጥርም ይጨምራል።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ዕድሜያቸው ከ1 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ጭማቂ እንዳይሰጥ፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከግማሽ ብርጭቆ እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህም በጡጦ ሳይሆን በኩባያ ከምግብ ጋር ቢሰጥ የጥርስ መቦርቦር አደጋን ይቀንሳል። ከጓሮ የተለቀመ ማንጎ ወይም ፓፓያ ለሕፃን ተልጦ ይፈጭ፤ ለትልልቆቹ ተቆራርጦ ይሰጥ፤ ለጥም ውኃ ይበቃል።