ከመግነጢሳዊ መስክ የሚወጣ የሽቦ ቀለበት

ከመግነጢሳዊ መስክ የሚወጣ የሽቦ ቀለበት በፊዚክስ የኤሌክትሮመግነጢስ ኢንዳክሽንን ለማስረዳት የሚወሰድ ቀላል ምሳሌ ነው። ጫፎቹ የተገናኙ ሽቦ ከመስኩ ውስጥ ሲጎተት፣ በቀለበቱ መሃል የሚያልፈው መግነጢሳዊ ፍሰት (ፍለክስ) ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሮሞቲቭ ኃይል (ኢኤምኤፍ) ይፈጠራል፤ ወረዳው ዝግ ከሆነም ጅረት ይፈስሳል። መጠኑ በፋራዴይ ሕግ፣ አቅጣጫው ደግሞ በሌንዝ ሕግ ይታወቃል።

መጠኑ

20 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው አራት ማዕዘን ቀለበት ወረቀት ላይ ተቀምጧል እንበል። መስኩ 0.5 ቴስላ ሲሆን ከተመልካቹ ርቆ ወደ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ቀለበቱ በርዝመቱ አቅጣጫ ወደ ቀኝ በሰከንድ 2 ሜትር ይጎተታል፤ የሽቦው ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) 0.05 ኦም ነው።

ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ መስኩ ውስጥ ሳለ ስፋቱ 0.02 ካሬ ሜትር ስለሆነ ፍሰቱ 0.5 × 0.02 = 0.01 ዌበር ነው። እስከዚህ ድረስ ቀለበቱ ቢንቀሳቀስም ፍሰቱ ስለማይለወጥ ኢኤምኤፍ የለም። የቀኝ ጎኑ ከመስኩ ጠርዝ ሲያልፍ ግን ፍሰቱ መቀነስ ይጀምራል። 20 ሳንቲ ሜትሩ ወጥቶ እስኪያልቅ 0.1 ሰከንድ ስለሚፈጅ፦

ε = ΔΦ / Δt = 0.01 / 0.1 = 0.1 ቮልት

ይህ ውጤት ε = BLv ከሚለው ቀመር ጋር አንድ ነው፦ 0.5 × 0.1 × 2 = 0.1። እዚህ ላይ L ከእንቅስቃሴው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠራው ጎን፣ ማለትም ወርዱ እንጂ ርዝመቱ አይደለም። ጅረቱ 0.1 / 0.05 = 2 አምፔር ይሆናል።

አቅጣጫው

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሌንዝ ሕግ ጅረቱ መስኩን ይቃወማል አይልም፤ የፍሰቱን *ለውጥ* ይቃወማል ነው የሚለው። በምሳሌያችን ወደ ወረቀቱ የሚገባው ፍሰት እየቀነሰ ነው። ስለዚህ ጅረቱ የጎደለውን ለመተካት ይሞክራል፤ እሱ ራሱ በቀለበቱ መሃል የሚፈጥረው መስክም ወደ ወረቀቱ የሚገባ መሆን አለበት። የቀኝ እጅን አውራ ጣት ወደ ወረቀቱ ብናመለክት፣ የታጠፉት ጣቶች በሰዓት አቅጣጫ ይዞራሉ። ጅረቱም እንዲሁ። ቀለበቱ ወደ መስኩ የሚገባ ቢሆን ኖሮ ፍሰቱ ስለሚጨምር ጅረቱ ተቃራኒውን አቅጣጫ ይይዝ ነበር።

መልሱን በጉልበት ማረጋገጥ ይቻላል። ጅረቱ በሰዓት አቅጣጫ ከፈሰሰ፣ ገና መስኩ ውስጥ ባለው የግራ ጎን ላይ ወደ ላይ ይሄዳል፤ መስኩም ያን ጎን ወደ ግራ፣ ማለትም ከጉዞው በተቃራኒ ይገፋዋል። ጉልበቱ 2 × 0.1 × 0.5 = 0.1 ኒውተን ነው። ጎታቹ በሰከንድ 0.2 ጁል ያወጣል፤ በሽቦው ላይ ወደ ሙቀት የሚለወጠውም 2² × 0.05 = 0.2 ዋት ነው። አቅጣጫው ተገልብጦ ቢሆን መስኩ ቀለበቱን ወደፊት ይገፋው ነበር፤ ይህም ኃይል ከምንም ተገኘ ማለት ነው።

ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ ኢኤምኤፉ ይኖራል፣ ጅረቱና ተቃዋሚው ጉልበት ግን አይኖሩም። በእውነተኛ ማግኔት ደግሞ መስኩ ጠርዝ ላይ በድንገት ስለማያልቅ፣ ኢኤምኤፉ በአንድ ጊዜ 0.1 ቮልት ከመድረስ ይልቅ ቀስ በቀስ ይነሳል፣ ቀስ በቀስም ይወርዳል።

የመሬት መስክ በባቲ

ለሙከራው ጠንካራ ማግኔት ከሌለ የመሬት መስክ አለ። መግነጢሳዊው ምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በ1958 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የመግነጢስ መመልከቻ ጣቢያ ለሳይንስ የሚጠቅመውም በዚህ አቀማመጡ ጭምር ነው። በባቲም መስኩ ከአግድም የሚያዘነብለው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ሲሆን መጠኑ ወደ 36 ማይክሮቴስላ ይጠጋል፤ የሚያመለክተውም ወደ ሰሜን ነው።

ቀለበቱን ሳያዞሩ ከባቲ ወደ ከሚሴ በመኪና ቢወስዱት ግን የሚለካ ኢኤምኤፍ አይገኝም፤ በመንገዱ ሁሉ መስኩ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ መስክ "መውጣት" የሚቻለው በማዞር ነው። ያንኑ 0.02 ካሬ ሜትር ስፋት ይዞ 100 ጊዜ የተጠመጠመ ሽቦ ፊቱን ወደ ሰሜን አድርጎ ቢቆም፣ ጠቅላላ ፍሰቱ 0.000072 ዌበር ነው። በ0.1 ሰከንድ መሬት ላይ ቢያጋድሙት ፍሰቱ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ አማካይ ኢኤምኤፉ 0.7 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል፤ ስሜቱ ጥሩ የሆነ ጋልቫኖሜትር ይህን ያሳያል። በስተ ደቡብ ሆኖ ሽቦውን ለሚያይ ሰው መስኩ ከእሱ እየራቀ ይሄዳል፣ ፍሰቱም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሽቦው መጋደም ሲጀምር ጅረቱን በሰዓት አቅጣጫ ያየዋል። ሽቦውን መልሶ ሲያቆመው የጋልቫኖሜትሩ መርፌ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል።