ዝንቧ ያቆየችው ሸለቆ
(አንገር ጉቲን ላለ ሥራ ፈላጊ ተመራቂ)

አስጎብኚነት ሲባል ሁላችንም ላሊበላና ጎንደር ላይ እንሮጣለን። አንገር ጉቲን ተወልዶ በታሪክ ወይም በባዮሎጂ ዲግሪ የጫነ ልጅ ግን ምን ያስጎብኝ? ፏፏቴ ፍለጋ ከመባዘኑ በፊት ስለ አንዲት ዝንብ እናውጋው።

ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ከደጋው ወርዶ የአንገር ሸለቆ የገባ ሰው ቆላ መድረሱን ሙቀቱ ይነግረዋል። የአንገር ወንዝ ወደ ዴዴሳ፣ ዴዴሳ ደግሞ ወደ ዓባይ ይገባል። ይህ ለም ሸለቆ ለረጅም ጊዜ ጥቅጥቅ ያለ ሰፈራ ያላየው በወባና በገንዲ ምክንያት ነው። ገንዲን የምታስተላልፈው ጸጼ ዝንብ ደም እንጂ ሌላ አትበላም። እንደ ሌሎች ዝንቦች እንቁላሏን በገፍ አትጥልም፤ በአሥር ቀን ገደማ አንድ እጭ ብቻ ትወልዳለች፤ እጩም ጥላ ያለበት አፈር ውስጥ ይቀበራል። የወንዝ ዳር ዛፍ ለሷ ማዋለጃ ክፍል ነው ማለት ነው። የተነከሰ በሬ ጸጉሩ ይቆማል፣ ይከሳል፣ በመጨረሻም ቀንበር መሸከም ያቅተዋል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ይጀምራል። በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሌሎች አካባቢዎች ሕዝብ እያነሣ ማስፈር ጀመረ። ዘመቻው በ1978 ዓ.ም. እስኪገታ ድረስ በአገር ደረጃ 600,000 የሚጠጋ ሰው ተዛውሯል፤ ከሁሉም ክፍላተ ሀገር ብዙ ሰው የተቀበለው ወለጋ ነበር። በሬ ይዞ ማረስ የለመደ የደጋ ገበሬ በሬ የሚገድል ቆላ ውስጥ ገባ። የአንገር ሸለቆም ከሰፈራ ቦታዎቹ አንዱ ነው።

ታዲያ አስጎብኚው የሚሳሳተው የት ነው? «ሸለቆው ባዶ ነበር» ያለ ዕለት። ባዶ አልነበረም። ጉሙዞችና ኦሮሞዎች ያደኑበት፣ ማር የቆረጡበት፣ ያረሱበት ምድር ነው። ስለዚህ ጉብኝቱ ቢያንስ ሦስት ተራኪ ይፈልጋል፤ አንድ የቀድሞ ነዋሪ ሽማግሌ፣ አንዲት በሰፈራ የመጡ እናት፣ አንድ ከብት ሲያክም የኖረ ሰው። ሦስቱንም አስቀድሞ ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሰው ዓመተ ምሕረት ይረሳልና «ደርግ ከመውደቁ በፊት ነው በኋላ? የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?» ብሎ በሚያስታውሱት ነገር ማሰር ይሻላል። ሁለት የማይገናኙ ሰዎች ያልመሰከሩትን ነገር እንደ «አንዳንዶች ይላሉ» እንጂ እንደ እርግጥ አለመናገር ነው።

ደንበኛውስ ማነው? ፈረንጅ አይደለም። በላስታና በመቄት ገበሬዎች ቤት የሚያሳድረው የማኅበረሰብ ቱሪዝም የተነሣው ላሊበላ እንግዳ ይዛ ስለጠበቀችው ነው። እዚህ የሚቀርበው ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ነቀምቴ ላይ ያለው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ የታሪክና የባዮሎጂ ትምህርቱን በአንድ ቀን የሚያገናኝለት ሰው የለውም።

ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። መኪናው የተማሪዎቹ ነው እንበል። በሰው 300 ብር ቢከፈል 12 ሰው 3,600 ብር ያመጣል። ለሦስቱ ተራኪዎች 400፣ 400 ብር 1,200 ይወጣል። ምሳና ቡና አስጎብኚውን ጨምሮ ለ13 ሰው በ120 ብር 1,560 ይሆናል። ለአስጎብኚው 840 ብር ይተርፋል። ስድስት ሰው ብቻ ቢመጣ ግን 240 ብር ከኪሱ ይሄዳል። ከስምንት ሰው በታች አለመነሣት ነው። የተራኪዎቹን ክፍያ ቀንሶ ትርፍ ማብዛት የሚያምረው ካለ ደግሞ በሁለተኛው ጉዞ የሚናገርለት እንደማያገኝ ይወቅ።

የእንግዳው ልብስ ሰማያዊና ጥቁር አይሁን፤ ዝንቧን የሚጠሩ ቀለሞች ናቸው። ለመያዣዋ የሚሰፋው ወጥመድ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ የሆነውም ለዚሁ ነው፤ ወጥመዱን ማሳየት ራሱ ግማሽ ትምህርት ነው። ወባ ስላለ የአጎበርና የመድኃኒት ነገር ከጉዞው በፊት ይነገር። ጊዜው ዝናቡ ካቆመና ጭቃው ከደረቀ በኋላ ነው።

ከሁሉ የከበደው ሌላ ነው። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ በምሥራቅ ወለጋ በተደጋገመው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፣ ተፈናቅሏል፤ አንገር ጉቲንና አካባቢዋም ከዚህ አላመለጡም። መንገዱ አስተማማኝ መሆኑ ሳይጣራ እንግዳ መጥራት ሰው ማስበላት ነው። «ማን ቀድሞ መጣ» የሚለው ጥያቄም ደም ያፈሰሰ ጥያቄ ስለሆነ፣ የአንዱን ወገን ትረካ ብቻ የሚሸጥ አስጎብኚ ገበያውን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱንም ያጣል።

ደብተሩ ግን መንገድ አይጠብቅም። በሰፈራው ጊዜ ጎልማሳ የነበሩት ዛሬ አርጅተዋል። ጉዞው ቢዘገይ ነገም ይደረጋል፤ ሳይጠየቁ የሄዱት ሽማግሌ ግን አይመለሱም። ስለዚህ የዚህ ሥራ መነሻ ካፒታል አንድ ደብተር፣ አንድ መቅጃና የሁለቱ ወገን አዛውንቶች ፈቃድ ነው እንላለን።