ከዶራሌ እስከ አዲስ አበባ፦ የቤንዚንን የመፍያ ነጥብ ከትነት ግፊትና ከትነት ኤንታልፒ መገመት

ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ነዳጅ አብዛኛው የሚራገፈው ጅቡቲ፣ ዶራሌ በሚገኘው የሆራይዘን ተርሚናል ነው። ቤንዚኑ እዚያ በባሕር ጠለል ላይ በቦቴ ይጫንና በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በአዋሽና በአዳማ አልፎ ወደ 2,330 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ከዚህ ተነሥቶ ቤንዚን በቀላሉ የሚፈላውና የሚያስቸግረው ደጋ ላይ ነው ብሎ መደምደም የተለመደ ነው። ድምዳሜው ግማሽ እውነት ብቻ እንደሆነ የሚያሳየው ስሌቱ ነው። ስሌቱም ቀላል ቢመስልም፣ ውስጡ የሚገቡት ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ካልተጠየቀ ያሳስታል።

መነሻው ክላፔሮን እ.ኤ.አ. በ1834 ያቀረበው፣ ክላውዚየስም በ1850 በቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ላይ ያቆመው ግንኙነት ነው። አንድ ፈሳሽ በሙቀት T₁ የትነት ግፊቱ P₁ መሆኑ ከታወቀ፣ በሌላ ግፊት P₂ የሚፈላበትን ሙቀት T₂ እንዲህ እናገኘዋለን፦

1/T₂ = 1/T₁ − (R/ΔH) · ln(P₂/P₁)

ΔH የአንድ ሞል ፈሳሽ የትነት ኤንታልፒ ነው፤ R ደግሞ 8.314 ጁል በሞል በኬልቪን ነው። ቀመሩ ሦስት ነገሮችን አምኖ ይነሣል፦ የፈሳሹ መጠን ከእንፋሎቱ አንጻር እዚህ ግባ አይባልም፤ እንፋሎቱ እንደ አይዲያል ጋዝ ይሠራል፤ ΔH በሁለቱ ሙቀቶች መካከል አይለወጥም። ሦስቱም በትክክል እውነት አይደሉም። ጥያቄው ስሕተቱ ስንት ዲግሪ ያህላል የሚል ነው።

ቤንዚን ድብልቅ ስለሆነ በአንድ ንጹሕ ክፍሉ እንጀምር። ፔንቴን ከቤንዚን ቀላል ክፍሎች አንዱ ነው። በባሕር ጠለል ግፊት፣ በ101.3 ኪሎፓስካል፣ በ36.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ በዚያ ሙቀት በካሎሪሜትር የሚለካው የትነት ኤንታልፒው 25.8 ኪሎጁል በሞል ነው። ለአዲስ አበባ ግፊት ስታንዳርድ ከባቢ አየር በሚባለው ሞዴል በ2,330 ሜትር 76.3 ኪሎፓስካል እናገኛለን። የግፊቶቹ ንጽጽር 0.753፣ ሎጋሪዝሙ −0.284 ነው። T₁ 309.2 ኬልቪን ስለሆነ ቀመሩ 300.7 ኬልቪን፣ ማለትም 27.6 ዲግሪ ይሰጣል። የመፍያ ነጥቡ ስምንት ዲግሪ ተኩል ወረደ ማለት ነው።

አሁን ይህን ከሌላ አቅጣጫ እንፈትሽ። ፔንቴን በ25 ዲግሪ የትነት ግፊቱ 68.3 ኪሎፓስካል መሆኑ በልኬት የታወቀ ነው። ይህን ነጥብና የ36.1 ዲግሪውን ነጥብ ወስደን ያንኑ ቀመር ወደኋላ ብንፈታው፣ ΔH 27.3 ኪሎጁል ይወጣል እንጂ 25.8 አይሆንም። ከ25 ዲግሪ እስከ 36 ዲግሪ ድረስ ካሎሪሜትር የሚለካው ኤንታልፒ ራሱ ከ26.4 ወደ 25.8 ስለሚወርድ፣ የሙቀት ለውጥ ብቻውን 27.3 ላይ አያደርሰንም። ምክንያቱ እንፋሎቱ ነው። የፔንቴን እንፋሎት በ100 ኪሎፓስካል አካባቢ ከአይዲያል ጋዝ ከ4 እስከ 5 በመቶ ያህል ያነሰ መጠን ይይዛል፤ ሞለኪውሎቹ ይሳሳባሉና። ቀመሩ ይህን ስለማያውቅ ልዩነቱን በΔH ላይ ይጭነዋል። ስለዚህ ከትነት ግፊት የሚወጣው ቁጥር የላብራቶሪው ኤንታልፒ ሳይሆን፣ የእንፋሎቱን ጠባይ አብሮ የያዘ ውጤታማ ኤንታልፒ ነው።

በ27.3 ስንሠራ የአዲስ አበባው ውጤት 28.0 ዲግሪ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1888 በወጣውና ሦስት ቋሚዎች ባሉት የአንቷን ቀመር ሲሰላም ያው 28.0 ይመጣል። እኔ እንደማየው፣ የሰንጠረዥ ኤንታልፒ ይበልጥ «ትክክለኛ» ቁጥር ስለሆነ ይበልጥ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል የሚለው እምነት በዚህ ዓይነት ስሌት ውስጥ ከሚታዩት ስሕተቶች ሁሉ ሥር የሰደደው ነው። ሁለት አስተማማኝ የትነት ግፊት ነጥቦች ካሉ ኤንታልፒውን ከእነሱ ማውጣት ይሻላል። የሰንጠረዡ ኤንታልፒ የሚያስፈልገው በእጃችን ያለው አንድ ነጥብ ብቻ ሲሆን ነው፤ ያኔም ግምታችን ግማሽ ዲግሪ ያህል ወደ ታች እንደሚያዘነብል እናውቃለን።

ለመሆኑ 76.3 ኪሎፓስካሉስ ምን ያህል ይታመናል? ስታንዳርድ ከባቢ አየር ለመካከለኛ ኬክሮስ የተሠራ ነው። የሐሩር ክልል አየር ሞቃት ስለሆነ ግፊቱ ከፍታ ሲጨምር በዝግታ ይወርዳል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ 77 ኪሎፓስካል ገደማ ይሆናል። ይህ ብቻ የፔንቴንን የመፍያ ነጥብ ወደ 28.3 ያደርሰዋል። ከዚህ እጅግ የሚከፋ ስሕተት ግን አለ። የአየር ትንበያ የሚያወጣው የግፊት ቁጥር ብዙ ጊዜ ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ የተሰላ ነው፤ ለአዲስ አበባም ከ1,000 ሄክቶፓስካል በላይ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ያን ቁጥር በቀመሩ ውስጥ ያስገባ ሰው አዲስ አበባና ዶራሌ ላይ ፔንቴን በአንድ ሙቀት ይፈላል ብሎ ይደመድማል። የሚፈለገው በጣቢያው ላይ ባሮሜትር የሚያሳየው ያልተስተካከለ ግፊት ነው።

ሌላም ተንኮለኛ ስሕተት አለ። ΔHን በኪሎጁል፣ Rን በጁል ያስገባ ተማሪ 10 ኬልቪን አካባቢ የሆነ መልስ ያገኛል፤ ይህ ራሱን ያጋልጣል። ሙቀቱን በኬልቪን ፈንታ በሴንቲግሬድ ያስገባ ግን 36.0 ዲግሪ ያገኛል። ቁጥሩ ከ36.1 በመጠኑ ዝቅ ያለ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። መፈተኛው የትራውተን ደንብ ነው፦ ለብዙ ተራ ፈሳሾች የትነት ኤንታልፒ በመፍያ ሙቀት ሲካፈል ከ85 እስከ 90 ጁል በኬልቪን ገደማ ይሆናል። በዚህ ግምት ግፊት በሩብ ሲቀንስ የመፍያ ነጥብ ከኬልቪን ሙቀቱ ወደ 2.7 በመቶ ይወርዳል፤ ለፔንቴን ስምንት ዲግሪ ነው። የአንድ አሥረኛ ዲግሪ ለውጥ ካየን የሆነ ቦታ ተሳስተናል። ውሃና አልኮል ሞለኪውሎቻቸው በሃይድሮጅን ቦንድ ስለሚያያዙ ከደንቡ ይወጣሉ።

ወደ ቤንዚኑ እንመለስ። ድብልቅ አንድ የመፍያ ነጥብ የለውም፤ ቀላሉ ክፍል ቀድሞ ሲወጣ የቀረው በከፍተኛ ሙቀት ይፈላል። ስለዚህ የምንገምተው መጀመሪያ አረፋ የሚታይበትን ሙቀት ብቻ ነው። ለቤንዚን የሚሰጠው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ የሪድ የትነት ግፊት፣ ማለትም በ37.8 ዲግሪ የተለካ ግፊት ነው። ለምሳሌ 60 ኪሎፓስካል የሆነ ቤንዚን እንያዝ፤ ውጤታማ ኤንታልፒውን ደግሞ 25 ኪሎጁል በሞል እንውሰድ። ይህን ነጥብ መነሻ ስናደርግ ቤንዚኑ ዶራሌ ላይ በ56 ዲግሪ፣ አዲስ አበባ ላይ በ46 ዲግሪ መፍላት ይጀምራል። አሥር ዲግሪ ወረደ።

ግን ፓምፕ ሲስብ በመሳቢያው በኩል ግፊቱ ከአየሩም በታች ይወርዳል። ከቧንቧው ሰበቃና ከማንሻው ቁመት የተነሣ 20 ኪሎፓስካል ጠፋ እንበል። ዶራሌ ላይ ለፓምፑ የሚቀረው 81.3 ኪሎፓስካል ነው፤ ቤንዚኑ በ48 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ የሚቀረው 56.3 ነው፤ በ36 ዲግሪ ይፈላል። ፓምፑ ፈሳሽ ትቶ እንፋሎት መሳብ የሚጀምረው እነዚህ ሙቀቶች ላይ ሲደረስ ነው።

የሚወስነው እንግዲህ የመፍያ ነጥቡ ብቻ ሳይሆን በእሱና በነዳጁ ሙቀት መካከል ያለው ርቀት ነው። ጅቡቲ በሞቃታማው ወቅት ቀን ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ ፀሐይ የመታው ቧንቧ ውስጥ ያለ ቤንዚን 42 ዲግሪ ቢደርስ ርቀቱ ስድስት ዲግሪ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከመሬት በታች ባለ ታንከር 20 ዲግሪ አካባቢ ያለ ቤንዚን ግን 16 ዲግሪ ይቀረዋል። ከፍታው የመፍያ ነጥቡን በአሥራ ሁለት ዲግሪ ቢያወርደውም፣ ነዳጁ ራሱ በሃያ ሁለት ዲግሪ ቀዝቅዟል። ርቀቱ የሚጠበው ዶራሌ ላይ ነው።

ለዚህ አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ቦቴው ራሱ ነው። ብዙ ሺሕ ሊትር የያዘ ታንከር የሙቀት ክምችቱ ትልቅ ስለሆነ ከአየሩ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። በ40 ዲግሪ የተጫነ ቤንዚን ቆላውን ትቶ ደጋ ላይ ሲወጣ 38 ዲግሪ ላይ ቢቆይ፣ ሲራገፍ በመሳቢያ ፓምፕ በኩል ገደቡን በሁለት ዲግሪ ያልፋል። እዚህ ላይ በባሕር ጠለል ግፊት የተሰላ የመፍያ ነጥብ ይዞ የሚሠራ ሰው ርቀቱን አሥር ዲግሪ አድርጎ ያያል። በተጨማሪ ሙሉ በሙሉ የታሸገ ታንከር ቢሆን፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ አዲስ አበባ ሲደርስ ውስጡ ከውጪው በ25 ኪሎፓስካል ይበልጥ ነበር። የመተንፈሻው ቫልቭ ከዚያ ብዙ ዝቅ ባለ ልዩነት ስለሚከፈት፣ በጉዞው ላይ የአየርና የእንፋሎት ድብልቅ ይወጣል፤ የሚወጣው እንፋሎትም ከቤንዚኑ ቀላል ክፍሎች ነው። ከራስጌው ቦታ ከሩብ ያላነሰ ጋዝ መውጣቱ ሙቀቱ እንዳለ ሲቆይ የሚጠበቅ ነው፤ ታንከሩ ከቀዘቀዘ መጠኑ ይቀንሳል።

60 ኪሎፓስካልና 25 ኪሎጁል የሚሉት ቁጥሮች ለምሳሌ የተያዙ ናቸው። ኤንታልፒው በሁለት ኪሎጁል ቢቀየር ዶራሌ ላይ የተገመተው 56 ዲግሪ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ይንቀሳቀሳል፤ በመሳቢያ ፓምፑ ላይ ያለው 36 ግን ምንም ያህል አይለወጥም፤ 56.3 ኪሎፓስካል ከተለካው 60 ስለማይርቅ ነው። ግምት ከተለካው ነጥብ በራቀ ቁጥር ኤንታልፒው የበለጠ ይወስናል። ስለዚህ ለደጋው ዴፖ በአንድ ሙቀት የተለካው የሪድ ግፊት ሊበቃ ይችላል፤ ለዶራሌ ግን በ50 ዲግሪ አካባቢ የተለካ ሁለተኛ ነጥብ ያስፈልጋል።