13ኛው ወር በባቢሎን

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት ባቢሎንን ይገዛ የነበረው ሐሙራቢ ለላርሳ ሹሙ ለሲን-ኢዲናም የጻፈው አንድ የሸክላ ደብዳቤ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ንጉሡ በዚህ ደብዳቤ፣ በዓመቱ ላይ ጉድለት ስለታየ የሚገባው ወር «ሁለተኛ ኡሉሉ» ተብሎ እንዲመዘገብ ያዝዛል። በተከታዩ ወር በታሽሪቱ በ25ኛው ቀን ባቢሎን መግባት የነበረበት ግብርም በሁለተኛው ኡሉሉ በ25ኛው ቀን እንዲገባ አክሎ ያስጠነቅቃል። ወር ሲጨመር የግብሩም ቀን በአንድ ወር እንዳይዘገይ መጠንቀቁ ነበር።

የጉድለቱ ምንጭ የጨረቃና የፀሐይ ዑደት አለመመጣጠን ነው። ባቢሎናውያን ወርን የሚጀምሩት አዲስ ጨረቃ በምሽት ስትታይ ሲሆን፣ 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ከሩብ ገደማ ብቻ ይሆናሉ። የፀሐይ ዓመት ግን 365 ቀን ከሩብ ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ነው። ይህ በሦስት ዓመት ከአንድ ወር ይበልጣል። ካልታረመ ገብስ የሚታጨድበት ወር ስሙን እንደያዘ፣ እሸቱ ገና ሳይደርስ ይመጣል።

ወር የሚጨመርበትን ጊዜ ለማወቅ ሰማይን መመልከት ያስፈልግ ነበር። ሙል-አፒን የተባለው የከዋክብት ድርሳን እንደሚለው፣ በዓመቱ መጀመሪያ ወር በኒሳኑ በ1ኛው ቀን ጨረቃ ከሰባቱ ከዋክብት ጋር ትክክል ከቆመች ዓመቱ ደንበኛ ነው፤ በ3ኛው ቀን ከሆነ ግን ወር ይጨመርበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዲስ ጨረቃ የምትታየው ፀሐይ ከጠለቀችበት ስፍራ አጠገብ ነው። ጨረቃ በቀን 13 ዲግሪ ያህል፣ ፀሐይ ደግሞ 1 ዲግሪ ያህል በከዋክብት መካከል ይጓዛሉ። ስለዚህ ጨረቃ ወደ ከዋክብቱ ለመድረስ ሁለት ቀን ከዘገየች፣ ፀሐይ 26 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ቀርታለች፤ ይኸውም ቀን መቁጠሪያው አንድ ወር ሊሞላ በተቃረበ ጊዜ ቀድሟል ማለት ነው።

ይህ አሠራር በየጊዜው በሚሰጥ ትእዛዝ ላይ የተመሠረተ ስለነበር ወሩ መቼ እንደሚጨመር አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ግን በ19 ዓመት ውስጥ 7 ወር መጨመር ቋሚ ሥርዓት ሆኖ ነበር፤ ከሰባቱ ስድስቱ በ12ኛው ወር በአዳሩ፣ አንዱ በኡሉሉ መጨረሻ ይገቡ ነበር። የ19 ዓመት ጉድለት 206.6 ቀን፣ ሰባት ወር ደግሞ 206.7 ቀን ነው። ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሆነ አንድ ቀን ለመሙላት ከ200 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

የኢትዮጵያ ዓመት በፀሐይ የሚቆጠር በመሆኑ ጳጉሜን ከዚህ ተጨማሪ ወር ጋር አትመሳሰልም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የትንሣኤን ቀን የሚያወጡበት ንዑስ ቀመር ግን ያው 19 ዓመት ነው፤ በየዓመቱ 11 እየጨመረ 30 ሲያልፍ የሚገደፈው አበቅቴም ከዚሁ ጉድለት የመጣ ቍጥር ነው።