የጉሮሮ ናሙና ከማን ይወሰድ? ከቨርጂኒያ እስከ ስማዳ

በ1981 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሴንተርና ባልደረቦቻቸው በቨርጂኒያ ድንገተኛ ክፍል ጉሮሯቸውን የታመሙ 286 አዋቂዎችን አጥንተው አራት ምልክቶችን ለዩ፤ ትኩሳት፣ የሳል አለመኖር፣ በቶንሲል ላይ የሚታይ መግል፣ በአንገት ፊት ለፊት ሲነኩት የሚያም ንፍፊት። አራቱም ተሟልተው እንኳ ባክቴሪያው የተገኘው ከግማሽ ጥቂት በሚበልጡት ላይ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. ማኪይዛክ ዕድሜን ጨመሩበት፤ ከ3 እስከ 14 ዓመት ላለ ልጅ አንድ ነጥብ ይደመራል፣ 45 ዓመት ለሞላው አንድ ይቀነሳል።

ለምሳሌ ያህል ከስማዳ የመጡ እናትና ልጅ እናስብ። የ46 ዓመቷ እናት ትኩሳትና ሳል አለባቸው፤ ውጤታቸው ዜሮ ስለሆነ ናሙና አያስፈልጋቸውም። የ9 ዓመቱ ልጅ ግን ትኩሳት ብቻ አለው፤ ንፍፊትም መግልም የለውም፣ ያስለዋልም። ውጤቱ ሁለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ስሌቱ የተቀመረው ሩማቲክ ትኩሳት ብርቅ በሆነበት አገር ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ያ ሕመም ዛሬም የሕፃናትን ልብ ይጎዳል። ስለዚህ በጋይንትም ሆነ በእስቴ ሁለት ነጥብ ያለውን ልጅ ሳልመረምር አልሰድደውም። ካልቸር አንድ ሁለት ቀን ቢፈጅም፣ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ሩማቲክ ትኩሳትን ይከላከላል፤ እንጥል ማስቆረጥ ግን አይከላከልም።