የአንድ መስኮት አገልግሎት
«የአንድ መስኮት አገልግሎት» የሚለው ቃል የኤሌክትሮኒክ መንግሥትን የመጨረሻ ደረጃ፣ የተቋማትን ውህደት፣ ያመለክታል። መነሻው መረጃን ድረ ገጽ ላይ መለጠፍ ነው፤ ቀጥሎ ቅጽ መሙላትና መክፈል ይመጣል። በኬንያዋ ሞያሌ የሚኖር ሰው የፓስፖርት ማመልከቻውን ኢ-ሲቲዝን በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ሞልቶ በኤም-ፔሳ ይከፍላል፤ አሻራ ለመስጠት ግን በአካል ኢሚግሬሽን ቢሮ መቅረብ አለበት።

በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) የተመረቀው የሞያሌ የጋራ ድንበር ኬላ ሌላ መንገድ ይዟል፤ የመውጫና የመግቢያ ፍተሻው መንገደኛው በሚገባበት አገር በኩል በአንድ ሕንፃ እንዲያልቅ የታሰበ ነው። ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም አንድ ሕንፃ ውስጥ መቀመጥ ውህደት አይባልም። ውህደት የሚባለው አንዱ መኮንን የመዘገበውን ሌላው በራሱ ኮምፒውተር ሲያገኘው ነው። ሁለተኛው መስኮት ላይ ያንኑ መረጃ እንደገና ከተጠየቁ፣ ደረጃው ላይ ገና አልተደረሰም።